«ስለ ደም ግፊት፣ 1,500 ቃል፣ እስከ ዓርብ»

በፍሪላንስ የሚጽፉ ሰዎች የቴሌግራም ገጻቸው ላይ በርዕሱ የተጻፈውን የመሰለ መልእክት ደጋግመው ያገኛሉ። ርዕስ አለው፣ የቃላት ብዛት አለው፣ የማስረከቢያ ቀንም አለው። ጸሐፊው «እሺ» ብሎ ይመልስና ሥራውን ይጀምራል።

ዓርብ ጽሑፉ ይደርሳል። «የደም ግፊት ማለት ደም በደም ሥር ውስጥ ሲዘዋወር የሚፈጥረው ኃይል ነው» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ዓይነቶቹ፣ መንስኤዎቹ፣ ምልክቶቹ፣ ሕክምናውና መከላከያው በየተራ ይመጣሉ። ስሕተት የለበትም፤ ቃላቱም 1,500 ናቸው። አዘጋጇ ግን አንብባ ስትጨርስ «ጥሩ ነው፤ የፈለግሁት ግን ይህን አልነበረም» ትላለች። ጸሐፊው የፈለገችው ምን እንደነበር አያውቅም። እሷም ብትሆን ይህን ጽሑፍ እስክታየው ድረስ በትክክል አልወሰነችውም ነበር። ሰኞ እንደገና መጻፍ ይጀመራል፤ ለሁለተኛው ሥራ የሚከፍል ግን የለም።

በሁለቱ መካከል የጠፋው የማስታወቂያና የሚዲያ ባለሙያዎች «ብሪፍ» የሚሉት ወረቀት ነው። ብሪፍ ጽሑፍ የሚያዝዘው ሰው ለሚጽፈው ሰው ሥራው ሳይጀመር የሚሰጠው፣ አንድ ወይም ሁለት ገጽ የማይበልጥ የሥራ መመሪያ ነው። ስድስት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ ለማን ይጻፋል? ምን ሊል ነው? አንባቢው ነገሩን በምን ቃል ይጠራዋል? ምን ያህል ይርዘም? ማስረጃው ከየት ይምጣ? በምን ዓይነት አነጋገር ይቅረብ? ከስድስቱ አንዱ እንኳ ሳይመለስ ከቀረ ጸሐፊው በግምት ይሞላዋል፤ የጸሐፊው ግምት ደግሞ ከአዘጋጇ ፍላጎት ጋር የሚገጥመው በአጋጣሚ ብቻ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ያንኑ የደም ግፊት ትእዛዝ እንደ ምሳሌ እንውሰድና ከመጀመሪያው እንሥራው። አዘጋጇ የምትመራው መጽሔት በወረቀትም በድረ ገጽም ይወጣል እንበል። ጸሐፊው ጥሩ አማርኛ ያለው፣ የጤና ባለሙያ ግን ያልሆነ ሰው ነው።

አንባቢዋ ማን ናት?

ብዙ ብሪፎች «አንባቢ» በሚለው ቦታ ላይ «ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ የኅብረተሰብ ክፍል» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ለጸሐፊው ምንም አይነግረውም። የ18 ዓመት ተማሪና የ65 ዓመት ጡረተኛ ስለ ደም ግፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር አይደለም። የሚረዳው አንድን ሰው በአንድ ሰዓት ላይ ማሳየት ነው።

አዘጋጇ ሰፈሯ ያለ መድኃኒት ቤት ገብታ ባለሙያውን አሥር ደቂቃ ብታነጋግረው ያን ሰው ታገኘዋለች። በብዙ ቤት የሚታወቅ ነገር ነው፦ እናት ደም ግፊት አለባቸው ተብለው መድኃኒት ጀምረዋል፤ ውጭ አገር ያለው ልጅ በመንገደኛ እጅ የመለኪያ መሣሪያ ልኳል፤ አብራቸው የምትኖረው ልጅ ጠዋትና ማታ ትለካቸዋለች። ጠዋት 152 ይላል፣ ማታ 131 ይላል። ልጅቷ ትደነግጣለች፤ ለወንድሟ ትደውላለች፤ መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ መድኃኒት ቤቱን ትጠይቃለች።

የብሪፉ አንባቢ እሷ ናት። እሷን ለመግለጽ ከዕድሜና ከገቢ ይልቅ ሦስት ጥያቄዎች ይበልጥ ይጠቅማሉ። አስቀድማ የምታውቀው ምንድን ነው? ደም ግፊት አደገኛ እንደሆነና ጨው መቀነስ እንዳለበት ታውቃለች፤ ስለዚህ ይህን መልሶ መንገር ጊዜዋን ማባከን ነው። የማታውቀውስ? ቁጥሩ ለምን እንደሚለዋወጥና መደንገጥ ያለባት መቼ እንደሆነ። አንብባ ስትጨርስ ምን ታደርጋለች? በማግሥቱ ጠዋት እናቷን በትክክል ትለካለች፣ ውጤቱን ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ በቀጠሮው ቀን ደብተሩን ለሐኪሙ ታሳያለች።

በስልኳ እንደምታነብ፣ ወንድሟም ከውጭ ሆኖ ያንኑ ጽሑፍ ሊከፍተው እንደሚችል መጨመርም ይገባል። ይህ የመጨረሻው ነገር ምንጮቹ ላይ ስንደርስ ትርጉም ይኖረዋል።

ከርዕስ ወደ አንግል

«የደም ግፊት» ርዕስ ነው። ጋዜጠኞች አንግል የሚሉት ጽሑፉ ስለ ርዕሱ የሚለው ነገር ነው፤ ርዕስ በአንድ ሐረግ ያበቃል፣ አንግል ግን ግሥ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። አዘጋጇ መጀመሪያ እንዲህ ብላ ጻፈች እንበል፦ «ቤት ውስጥ የሚለካ ደም ግፊት የሚለዋወጠው በትክክል ስለማይለካ ነው።»

ዓረፍተ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ግን እውነቱን አልፎ ሄዷል። የማንም ሰው የደም ግፊት በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ፍጹም በትክክል ቢለካም ሁለት ጊዜ አንድ ቁጥር ላይሰጥ ይችላል። ጸሐፊው ይህን አንግል ይዞ ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ሐኪሙ በመጀመሪያው ደቂቃ ያፈርስበታል። ስለዚህ አንግል ለጸሐፊው ከመላኩ በፊት ቢያንስ አንድ ታማኝ ምንጭ ላይ መፈተን አለበት። የተስተካከለው ይህን ይመስላል፦ «ደም ግፊት በተፈጥሮው ከፍና ዝቅ ይላል፤ አለካካችን ሲበላሽ ግን ልዩነቱ ይሰፋና ቁጥሩ የማይታመን ይሆናል። መሣሪያውን ወይም መድኃኒቱን ከመጠርጠር በፊት አለካኩን ማየት ይገባል።»

አሁን ጽሑፉ ምን እንደሚያሳይ ታወቀ። ትዕይንቱም አብሮ መጣ። እናት ጠዋት ቡና ተፈልቶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከጎረቤት ጋር እየተጫወቱ፣ የሹራባቸው እጅጌ ላይ መለኪያው ተጠምጥሞ፣ ክንዳቸው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይለካሉ። በዚህ አንድ ሥዕል ውስጥ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርጉ አምስት ስሕተቶች አሉ። ከመለካት በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና መጠጣት አይመከርም። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ማረፍ ያስፈልጋል፤ በሚለካበትም ጊዜ ማውራት የለም። ጀርባ መደገፍ፣ እግርም ሳይነባበር መሬት መርገጥ አለበት፤ በርጩማ ደግሞ መደገፊያ የለውም። ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ማረፍ ይኖርበታል፤ ከልብ በታች ሲንጠለጠል ቁጥሩ ከፍ ይላል። የሚጠመጠመው ጨርቅም ባዶ ክንድ ላይ ነው የሚታሰረው፤ ለክንዱ ከጠበበ እሱም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል።

አንግል ሲወሰን የሚወጣውም ይታወቃል፤ ብሪፍ ላይ በብዛት የሚረሳውም ይኸው ነው። ጸሐፊው የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲጠቀም እንደሚመክር ያነባል፤ ጥሩ መረጃ ስለሆነ ሊያስገባው ይፈልጋል። ከጨው ወደ ምግብ፣ ከምግብ ወደ እንቅስቃሴ ይሄዳል፤ ጽሑፉም ተመልሶ ያ የመጀመሪያው ጽሑፍ ይሆናል። ስለዚህ ብሪፉ በግልጽ ይናገር፦ ጨውና አመጋገብ አይገቡም፤ የመድኃኒት ዓይነትና መጠን አይገባም፤ በእርግዝና ጊዜ የሚከሰት የደም ግፊት ለብቻው ጽሑፍ ስለሚያስፈልገው አይገባም።

ግፊት ወይስ ብዛት?

ቁልፍ ቃል የሚባለው አንባቢዋ ነገሩን ስልኳ ላይ ስትፈልግ የምትጽፈው ቃል ነው። የሐኪም ቤቱ ቃል «ደም ግፊት» ነው። በብዙ ቤት ግን፣ በተለይ በታላላቆች አፍ፣ ሕመሙ «ደም ብዛት» ነው። ጽሑፉ አንዱን ብቻ ከያዘ ሌላውን የምትጠቀም አንባቢ ጽሑፉ ለእሷ እንደተጻፈ ላታውቅ ትችላለች። ብሪፉ ሁለቱንም መያዝና ቦታቸውን መንገር አለበት፦ «ደም ግፊት» በርዕሱና በጽሑፉ ውስጥ፣ «ደም ብዛት» በመጀመሪያው አንቀጽ አንድ ጊዜ፣ ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸው ተነግሮ።

የሚፈለጉትን ቃላት ለማግኘት የሚከፈልበት መሣሪያ የግድ አይደለም። አዘጋጇ ጉግል ወይም ዩቲዩብ መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ «ደም ግፊት» ብላ ጽፋ ቆም ብትል፣ ሳጥኑ ሰዎች በብዛት የሚፈልጓቸውን ማሟያዎች ከሥር ይዘረዝርላታል። ያንኑ በ«ደም ብዛት» ትደግማለች። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉም ብዙ ስለሆኑ dem gifit እና dem bizat ብላም ትሞክራለች። ከእነዚህ አራት ሙከራዎችና ከመድኃኒት ቤቱ ጭውውት አንድ ዋና ቃልና ሦስት አራት ደጋፊ ሐረጎች ይወጣሉ፤ ለምሳሌ «ደም ግፊት አለካክ»፣ «የደም ግፊት መለኪያ»፣ «ትክክለኛ የደም ግፊት መጠን»።

እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ የተቀዱ የብሪፍ ቅጾች ሁለት ችግር ያመጣሉ። አንደኛው «ቁልፍ ቃሉ 12 ጊዜ ይደገም» የሚለው ትእዛዝ ነው። በአማርኛ ቃል ብቻውን አይቆምም፤ «የደም ግፊት»፣ «ለደም ግፊት»፣ «በደም ግፊቷ»፣ «ደም ግፊትንም» እያለ ከፊትም ከኋላም ይለብሳል። አንዱን ቅርጽ ብቻ እየቆጠሩ 12 ለመሙላት የሚደረግ ጥረት ዓረፍተ ነገሩን ያጣምመዋል። ቋንቋችን ስሙን ሳይደግም «ከፍ ካለ»፣ «ከወረደ» ብሎ ስለሚሄድ ድግግሞሹ ወዲያው ጆሮ ይቆረቁራል። ቃልን ያለ አግባብ ማጨቅን ጉግልም በመመሪያው ከአይፈለጌ ድርጊቶች ይመድበዋል። ለአዘጋጇ ቀላሉ ፈተና ጽሑፉን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፤ ሰው ሲናገር በማይደግመው ቦታ ቃሉ ከተደገመ ይውጣ።

ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። «ሐኪም» እና «ሀኪም»፣ «መድኃኒት» እና «መድሀኒት» አነባበባቸው አንድ ቢሆንም ለኮምፒዩተር የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። አንዳንድ ጸሐፊ የሁሉንም ፈላጊ ለማግኘት ብሎ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ያደባልቃቸዋል። ለአንባቢ ግን ይህ ግድየለሽነት ሆኖ ይታያል። መጽሔቱ የሚከተለውን አጻጻፍ ብሪፉ በአንድ መስመር ይናገር፤ ጸሐፊውም በዚያው ይጽና።

900 ቃል ከየት መጣ?

በመጀመሪያው ትእዛዝ ላይ የነበረው 1,500 ከየትም አልተሰላም። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛ ድረ ገጾች ልማድ የተወሰዱ ናቸው፤ የአማርኛ ቃል ደግሞ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ብዙ ይሸከማል። «ስላልተለካላት» የሚለው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ሲነገር ሰባት ቃል ያህል ይፈጃል። ሁሉም ቃል እንዲህ ባይጠቀለልም በእንግሊዝኛ 1,500 ቃል የሚፈጅ ሐሳብ በአማርኛ በጣም ባነሰ ቃል ያልቃል። ጸሐፊው 1,500 እንዲሞላ ከተገደደ የሚሞላው በትርጉምና በድግግሞሽ ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ «የደም ግፊት ማለት» ብሎ የጀመረበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ርዝመትን ከይዘቱ ተነሥቶ መቁጠር ይቻላል። ለመግቢያው ትዕይንት 120 ቃል ይበቃል። አምስቱ ስሕተቶች እያንዳንዳቸው 90 ቃል ቢያገኙ 450 ይሆናሉ። ውጤቱን ደብተር ላይ እንዴት እንደሚይዙት 180፣ ሐኪም ዘንድ መቼ እንደሚኬድ 150 ይሰጣቸው። ድምሩ 900 ነው። ብሪፉ «900 ቃል፤ 90 ቃል ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ይፈቀዳል» ብሎ ክፍፍሉን ከሥር ያስቀምጣል። ክፍፍሉ ጸሐፊውን በቃል ቁጥር ለማሰር አይደለም፤ ክብደቱ የት እንደሆነ ለማሳየት ነው። መግቢያው 300 ቃል ሆኖ ከመጣ አንድ ነገር እንደሸሸ ሁለቱም ወዲያው ያያሉ።

ሁለት ቁጥር፣ ሁለት ምንጭ

ጸሐፊው «ከፍተኛ የሚባለው ስንት ነው?» ብሎ ሲፈልግ ሁለት መልስ ያገኛል። የአሜሪካ የልብ ሕክምና ማኅበራት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ ከ130/80 ጀምሮ ያለውን ከፍተኛ የደም ግፊት ብለውታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ደግሞ ሌላ ተጓዳኝ ሕመም የሌለበት ሰው መድኃኒት እንዲጀምር የሚመክረው ከ140/90 ጀምሮ ነው። ሁለቱም የታመኑ ምንጮች ናቸው፤ ቁጥሮቹም የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ዓይነት አይደለም። ብሪፉ ዝም ካለ ግን ጸሐፊው መጀመሪያ ያገኘውን ያስገባል። ዋሽንግተን ያለው ወንድም 130 ሲሰማ፣ አዲስ አበባ ያለችው እኅት 140 ትሰማለች፤ እናት በሁለቱ መካከል ይጨነቃሉ።

ይህን መወሰን የአዘጋጇ ሥራ ነው። ውሳኔዋ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ጽሑፉ 140/90ን በብዛት የሚሠራበት መነሻ አድርጎ ይጠቅሳል፤ የአሜሪካው መመሪያ ከዚያ ዝቅ እንደሚል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ መድኃኒት ለጀመረ ሰው ግን የሚፈለገው ቁጥር የራሱ ሐኪም የነገረው እንደሆነ ያስረግጣል። ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መድከም ወይም የንግግር መተሳሰር ካለ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንደሚገባ ይጽፋል።

«ታማኝ ምንጮችን ይጠቀሙ» የሚለው የተለመደ መስመር ይህን ሁሉ አያደርግም። የሚሠራው ምንጮቹን በስም መጥራትና በሦስት መክፈል ነው። የግድ የሚያስፈልጉ፦ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ የጤና ሚኒስቴር ሰነድ፣ የደም ግፊት ታካሚዎችን የሚያይ አንድ ሐኪም፣ መለኪያውን የሚሸጥ አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ። የሚፈቀዱ፦ የልብ ሕክምና ማኅበራት ለታካሚ ያዘጋጇቸው መግለጫዎች። የማይፈቀዱ፦ ምንጫቸውን የማይጠቅሱ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች፣ የመለኪያ አምራቾች ማስታወቂያ፣ እንዲሁም ሽፈራው ወይም ነጭ ሽንኩርት መድኃኒትን ይተካል የሚል ማንኛውም ጽሑፍ።

ከምንጮቹ ጋር ሁለት ትንንሽ ነገሮች ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ቁጥር ከየትኛው ሰነድና ገጽ እንደመጣ ጸሐፊው በረቂቁ ኅዳግ ላይ ያስፍር፤ ማስታወሻው ለአዘጋጇ እንጂ ለኅትመት አይደለም። ዓመተ ምሕረቱም የትኛው እንደሆነ ይለይ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን የሚያባብሱ ልማዶችን በአገር አቀፍ ደረጃ ያጠናው በ2015 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ይህም በእኛ 2007 ዓ.ም. ነው። «በ2015 በተደረገ ጥናት» ተብሎ ሳይለይ ከታተመ የአማርኛ አንባቢ ጥናቱን ስምንት ዓመት ያህል ወደፊት ያመጣዋል።

«ይለኩ» ወይስ «ለኪ»?

ብሪፎች ስለ ቃና ሲናገሩ ቅጽል ይደረድራሉ፦ «ሞቅ ያለ፣ ወዳጃዊ፣ ሙያዊ»። ሦስት ጸሐፊዎች ይህን አንብበው ሦስት የተለያየ ነገር ይጽፋሉ። በአማርኛ ደግሞ ከቅጽል በፊት የሚወሰን ነገር አለ፤ አንባቢዋ አንቺ ናት፣ እርስዎ ናት ወይስ እናንተ? «እናትሽን ከመለካትሽ በፊት አምስት ደቂቃ አሳርፊያቸው»፣ «እናትዎን ከመለካትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ያሳርፏቸው»፣ «እናታችሁን ከመለካታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ አሳርፏቸው» — መልእክቱ አንድ ሆኖ በአንባቢና በጽሑፍ መካከል ያለው ርቀት ይለያያል። ጸሐፊው ሳይነገረው ሲቀር ብዙ ጊዜ በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርሳል። ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጇ «እናንተ»ን መርጣለች፤ እኅትንም ወንድምንም በአንድ ላይ ስለሚያናግር። እናትን ሲጠራ ግን በአክብሮት «እሳቸው» ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ቃናን የሚያሳየው ምሳሌ ነው። አዘጋጇ ከቀድሞ እትሞቿ ደኅና የምትለውን አንድ አንቀጽ ታያይዛለች። የማትፈልገውንም ትናገራለች፦ ሕመሙን «ድምፅ አልባው ገዳይ» ማለት አይቻልም፤ ልጅቷ አስቀድማ ደንግጣለች፣ የምትፈልገው የምታደርገውን ማወቅ ነው። «ሲስቶሊክ» እና «ዳያስቶሊክ» አንድ ጊዜ ይጠቀሱና ከዚያ በኋላ «የላይኛው ቁጥር» እና «የታችኛው ቁጥር» ይባሉ፤ በመድኃኒት ቤቱም ሰው የሚላቸው እንደዚያ ነው።

ብሪፉ ሲጠናቀቅ

ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ለጸሐፊው የሚደርሰው ከአንድ ገጽ አይበልጥም፦

*አንባቢ፦* ደም ግፊት ያለባቸውን እናቷን ቤት ውስጥ የምትለካ፣ ቁጥሩ ሲለዋወጥ የምትደነግጥ ሴት። ጨው መቀነስ እንዳለበት ታውቃለች። አንብባ ስትጨርስ በትክክል ለክታ ደብተር ላይ ትመዘግባለች።

*አንግል፦* ደም ግፊት በተፈጥሮው ይለዋወጣል፤ አለካክ ሲበላሽ ግን ቁጥሩ የማይታመን ይሆናል። መሣሪያውን ወይም መድኃኒቱን ከመጠርጠር በፊት አለካኩ ይታይ።

*የማይገባ፦* አመጋገብ፣ የመድኃኒት ዓይነትና መጠን፣ የእርግዝና ጊዜ ደም ግፊት።

*ቁልፍ ቃላት፦* ደም ግፊት (ዋና)፤ ደም ብዛት (በመጀመሪያው አንቀጽ)፤ ደም ግፊት አለካክ፣ የደም ግፊት መለኪያ። የድግግሞሽ ብዛት አይጠየቅም።

*ርዝመት፦* 900 ቃል። ትዕይንት 120፣ አምስት ስሕተቶች 450፣ አመዘጋገብ 180፣ ሐኪም ዘንድ መቼ 150።

*ምንጮች፦* የዓለም ጤና ድርጅት፣ የጤና ሚኒስቴር፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ። መነሻ ቁጥር 140/90። ረቂቁን ከኅትመት በፊት ሐኪሙ ያየዋል።

*ቃና፦* «እናንተ»፤ እናት «እሳቸው»። ማስፈራራት የለም። የላይኛው ቁጥር፣ የታችኛው ቁጥር።

*ማስረከቢያ፦* ታኅሣሥ 10፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር። አንድ ዙር ማስተካከያ በክፍያው ውስጥ ይካተታል።

የመጨረሻው መስመር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ታኅሣሥ 10 እና ዲሴምበር 10 አብዛኛውን ጊዜ በዘጠኝ ቀን ይራራቃሉ፤ በኢትዮጵያ ከቀኑ 10 ሰዓት የሚባለውም በሌላው ዓለም አቆጣጠር 4 ሰዓት ነው። ጸሐፊው ውጭ አገር ከሆነ ወይም ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተሞላ ይህ መስመር ክርክርን ያስቀራል።

ብሪፍ የሚበላሸው በማነሱ ብቻ አይደለም። አራት ገጽ ሆኖ የመግቢያውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ የእያንዳንዱን አንቀጽ ይዘትና የመዝጊያውን ቃል ከወሰነ፣ አዘጋጇ ጽሑፉን ራሷ ጽፋዋለች ማለት ነው፤ ጸሐፊው የሚቀረው ማገናኘት ብቻ ነው፣ ውጤቱም እንደተገጣጠመ ያስታውቃል። የበርጩማው ትዕይንት ለጸሐፊው ሊነገረው ይገባል፤ ከዚያ መጀመር አለመጀመሩ ግን የእሱ ውሳኔ ይሁን። አንግሉም ቢሆን የተቆለፈ አይደለም። ሐኪሙ በቃለ መጠይቁ አንግሉን የሚያናጋ ነገር ከተናገረ ጸሐፊው ጽሑፉን ሳይጀምር መደወል አለበት፤ ብሪፉም ይህን የሚፈቅድ አንድ መስመርና የስልክ ቁጥር ይኑረው።

ረቂቁ ሲመጣ አዘጋጇ ብሪፉን አጠገቧ አድርጋ ታነባለች። አስተያየቷ ሁሉ ከስድስቱ ነጥቦች ወደ አንዱ መመለስ መቻል አለበት። «መግቢያው ከ120 ቃል አልፏል»፣ «አራተኛው አንቀጽ ወደ አመጋገብ ወጥቷል» ማለት ትችላለች፤ ጸሐፊውም በአንድ ዙር ያስተካክለዋል። በብሪፉ ላይ ያልነበረ አዲስ ፍላጎት ከመጣባት ግን ያ ማስተካከያ ሳይሆን አዲስ ሥራ ነው፤ እንደ አዲስ ሥራም ሊከፈልበት ይገባል።

ብሪፍ የማይደርሳችሁ ፍሪላንስ ጸሐፊዎችም እጃችሁን አጣጥፋችሁ መጠበቅ የለባችሁም። «ስለ ደም ግፊት፣ 1,500 ቃል፣ እስከ ዓርብ» የሚል መልእክት ሲመጣ «እሺ» ብላችሁ ከመጀመር በፊት እንዲህ ብላችሁ መልሱ፦ «አንባቢዋን እናቷን ቤት ውስጥ የምትለካ ሴት አድርጌ ወስጃለሁ። ጽሑፉ ቁጥሩ ለምን እንደሚለዋወጥና በትክክል እንዴት እንደሚለካ ያሳያል፤ ስለ አመጋገብ አያወራም። 900 ቃል ይበቃዋል። የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ እጠቀማለሁ፣ አንድ ሐኪም አነጋግራለሁ። በ‹እናንተ› እጽፋለሁ። የተሳሳትኩት ካለ እስከ ነገ ንገሩኝ።» ለመጻፍ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ መልሱ «አዎ» ቢሆንም «አይደለም» ቢሆንም የሚመጣው ጽሑፉ ከመጻፉ በፊት ነው።